እውነታ፣ አስተያየት ወይስ ድምዳሜ? ከአንድ ምንባብ ውስጥ እንዴት እንደምትለዩዋቸው

ለብቻቸው የተቀመጡ ዓረፍተ ነገሮች ሲሰጧችሁ ብዙዎቻችሁ አትቸገሩም። «ቡና ጥቁር ነው» እውነታ፣ «ቡና ከሻይ ይሻላል» አስተያየት፣ አለቀ። ችግሩ የሚመጣው ሦስቱም አንድ ምንባብ ውስጥ ተደባልቀው ሲቀርቡ ነው። ተማሪ ሳስጠና የማየው ስህተት ደግሞ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ ድምዳሜውን ወይ እውነታ ይሉታል፣ ወይ አስተያየት ይሉታል። ድምዳሜ የሚባል ሦስተኛ ሳጥን መኖሩን እየረሱ ማለት ነው።

ስለዚህ እዚህ አንድ ምንባብ ይዘን ከላይ እስከ ታች እንበትነዋለን። ከዚያ በራሳችሁ የምትሠሩት ሁለተኛ ምንባብ አለ፣ መልሱ መጨረሻ ላይ ነው። መልሱን ቀድማችሁ አትዩ፤ ካያችሁት በኋላ ሁሉም ቀላል ይመስላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ስክሪን ላይ እያነበባችሁ በጭንቅላታችሁ ብቻ ለመለየት አትሞክሩ። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉትና ከላይ እ፣ አ፣ ድ ብላችሁ ጻፉ። በጎን ደግሞ ጠበብ ያለ አራተኛ ዓምድ ተዉ፣ «ከየት?» በሉት። ይህ አራተኛው ዓምድ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው።

ሦስቱን እንዲህ ያዟቸው፦

እውነታ ማለት ሄደን፣ ቆጥረን፣ ሰነድ አይተን ልናጣራው የምንችለው ነው። አስተያየት የተናጋሪው ሚዛን ነው፤ መውደድ፣ መጥላት፣ ይሻላል፣ መሆን ነበረበት። ድምዳሜ ደግሞ ከሚታየው ተነስተን ያልታየውን ስንናገር ነው። ጠዋት ተነስታችሁ መሬቱ ርሶ ስታዩ «ሌሊት ዘንቦ ኖሯል» ትላላችሁ። ዝናቡን አላያችሁትም። ያያችሁት እርጥብ መሬት ነው። ያቺ «ኖሯል» ድምዳሜ ናት።

ምንባቡ

ለዚህ መልመጃ ብዬ የጻፍኩት ነው። ቁጥር የሰጠሁት ለመጥራት እንዲመቸን ነው፤ ፈተና ላይ ቁጥር አይኖርም፣ እናንተ ናችሁ የምትሰጡት።

(1) አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. የሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። (2) የሮጠው በባዶ እግሩ ነበር። (3) ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ፣ ያኔ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት ከነበረው አደባባይ አካባቢ ሲደርስ ጥሎት ሄደና በ25 ሴኮንድ ቀድሞት ገባ። (4) ቦታውን አስቀድሞ መርጦት ኖሯል። (5) በስፖርት ታሪክ ከዚህ የሚያምር አጨራረስ የለም። (6) ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ እንደገና አሸነፈ። (7) መስመሩን ካለፈ በኋላ ሜዳው ውስጥ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ፣ ስለዚህ ገና ጉልበት ነበረው። (8) ሮም ላይም ጫማ ቢያደርግ ኖሮ ከዚያ በፈጠነ ሰዓት ይገባ ነበር። (9) በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን የሚያሳዝነው አቋርጦ ወጣ፣ ማሞ ወልዴ አሸነፈ።

ደረጃ 1፦ ዓረፍተ ነገሩን በግስ ሰባብሩት

መጀመሪያ የምትሠሩት መፈረጅ አይደለም። መሰባበር ነው። በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት አራት ነገር ተሸክሞ መሄድ ይወዳል፣ ዋናው ግስ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጨረሻውን ብቻ ካያችሁ መሐል ላይ የተቀመጠው ያመልጣችኋል።

ተራ ቁጥር 7ን ውሰዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይመስላል፣ ግን ሁለት ነው፦

7ሀ. መስመሩን ካለፈ በኋላ ሜዳው ውስጥ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ።
7ለ. ገና ጉልበት ነበረው።

9ም እንደዚያው። «አቋርጦ ወጣ»፣ «ማሞ ወልዴ አሸነፈ»፣ መሐላቸው ደግሞ ሹልክ ብላ የገባች «የሚያሳዝነው»። ሦስት ቁራጭ ማለት ነው።

አሰባበሩ ላይ ከተምታታባችሁ ይህን አድርጉ፦ በእያንዳንዱ ግስ ሥር አስምሩ፣ ከዚያ «ይሄኛው ብቻውን ቆሞ ውሸት ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቻለ ለብቻው ቁራጭ ነው። ሰውነቱን አፍታትቶም ጉልበት አልቆበት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ 7ሀ እና 7ለ ይለያያሉ።

ደረጃ 2፦ እውነታዎቹን አውጡ

ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ *ይህን ለማጣራት የት እሄዳለሁ?* መልሱን «ከየት?» የሚለው ዓምድ ላይ ጻፉት። ተራ ቁጥር 1፣ የኦሎምፒክ ውጤት መዝገብ። 2፣ ፎቶግራፍና ፊልም አለ። 6፣ የሆስፒታል ሰነድ ወይም የዚያን ጊዜ ጋዜጣ፣ ሰዓቱ ደግሞ ያው መዝገብ። 7ሀ፣ ፊልሙ።

እዚህ ላይ የምትሳሳቱባቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው «እውነታ» የሚለው ቃል ራሱ ነው፣ ስሙ ያሳስታል። ጸሐፊው «በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገባ» ብሎ ቢሆን ስህተት ነው። ግን ስህተት ስለሆነ አስተያየት አይሆንም! መዝገብ ከፍታችሁ ልታርሙት የምትችሉት ነገር ነው። እ ሥር አስቀምጡትና አጠገቡ ✗ አድርጉ። «አላመንኩበትም፣ ስለዚህ አስተያየት ነው» የሚል መልስ ስንት ጊዜ እንዳረምኩ አልነግራችሁም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ተራ ቁጥር 3 ላይ «ያኔ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። የአክሱም ሐውልት በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመልሷል። ዛሬ ሮም ሄዳችሁ አደባባዩ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን በዚህ ምክንያት ውሸት አይሆንም። እውነታን የምታጣሩት በተባለበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ፤ አንዱ 1960 ሲል ሌላው 1952 ቢል ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አንዱ እ.ኤ.አ. ሌላው ዓ.ም. ነው። ሩጫው የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር።

ደረጃ 3፦ የሚመዝነውን ቃል አድኑ

አሁን አስተያየት። ተራ ቁጥር 5 ብዙ ሰው የሚወድቅባት ናት፣ ምክንያቱም አነጋገሯ ቁርጥ ያለ ነው። «የለም» ትላለች። «ይመስለኛል» አትልም፣ «በእኔ እይታ» አትልም። አማርኛ ላይ «ነው» እና «የለም» እውነታ አያደርጉም፤ እኛ አስተያየታችንንም በ«ነው» ነው የምንዘጋው። የሚያስፈርጀው «የሚያምር» የሚለው ቃል ነው። ውበት የሚለካበት ሰዓት የለም። «ከዚህ የፈጠነ አጨራረስ የለም» ቢል ኖሮ ወዲያው ወደ እ ይዛወር ነበር፣ ፍጥነት ይለካላ። (ልክ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ለማረጋገጥ ቃሉን አውጥታችሁ አንብቡ። ከ9 ላይ «የሚያሳዝነው» አውጡ፦ «በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን አቋርጦ ወጣ፣ ማሞ ወልዴ አሸነፈ።» ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሁለቱም ቁራጭ እውነታ ነው። የወጣችው ቃል ብቻ ወደ አ ትሄዳለች። 5 ላይ ግን «የሚያምር» ስታወጡ ምንም አይቀርም። ስለዚህ 5 ሙሉ በሙሉ አስተያየት ነው።

አሁን ትንሽ ረቀቅ ያለውን እንይ። ተራ ቁጥር 6 ላይ «ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው» ይላል። «እንኳን»፣ «ብቻ»፣ «ገና»፣ «ሙሉ» ቁጥር አጠገብ ሲቀመጡ ቁጥሩን ያጠቡታል ወይም ያሰፉታል። «አምስት ሳምንት ብቻ» እና «አምስት ሳምንት ሙሉ» ካሌንደር ላይ አንድ ናቸው፣ ጆሯችን ላይ ግን አንድ አይደሉም። ቁጥሩ እ ነው። «እንኳን» የጸሐፊው «ይገርማል!» ነው። ፈተና ላይ ለዚህ ቃል ብላችሁ ዓረፍተ ነገሩን አስተያየት አትበሉት፣ ዋናው ነገር ይጣራልና። በጎን ምልክት አድርጉበት፣ በቂ ነው።

ደረጃ 4፦ የቀረውን በክር እሰሩት

እስካሁን ያልተፈረጁ ሦስት ቁራጮች ቀርተዋል፦ 4፣ 7ለ እና 8። በቀጥታ አይጣሩም። ሚዛን የሆነ ቃልም የላቸውም። እነዚህ ድምዳሜዎች ናቸው ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ግን ክሩን ሳታገኙ አትጻፉት።

ክር የምለው ይህን ነው፦ ከምንባቡ ውስጥ «ይህን ያስባለው ይሄ ነው» ብላችሁ ጣታችሁን የምታሳርፉበት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ላይ ተነስታችሁ እስከ ድምዳሜው መስመር ስቡ። እውነት እርሳስ አንስታችሁ ስቡት።

*ተራ ቁጥር 4።* «ቦታውን አስቀድሞ መርጦት ኖሯል።» ክሩ ከ3 ይነሳል፤ ጥሎት የሄደው ሐውልቱ ባለበት አካባቢ ነው፣ ከአገሩ የተወሰደ ሐውልት ነው፣ ስለዚህ ሆነ ብሎ ነው። ያየነው ቦታውን ነው፣ የሰውየውን ሐሳብ አላየንም። ድ። አሁን አንድ ሰው ተነስቶ «አበበ ወይም አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን አስቀድመን መርጠነው ነበር ብለው የለ?» ቢላችሁ መልሱ፦ እንዲህ ያለ ቃል ምንባቡ ውስጥ ተጠቅሶ ቢሆን ኖሮ ፍረጃው ይቀየር ነበር። እዚህ አልተጠቀሰም። የምትፈርጁት ጸሐፊው ከፊታችሁ ባስቀመጠው ማስረጃ ነው፣ ከሌላ ቦታ በሰማችሁት አይደለም።

*7ለ።* «ስለዚህ» የምትለው ቃል ራሷ ክሩን ታሳያለች፤ ከ7ሀ ነው የተነሳው። ድ። ጥሩ ድምዳሜ ነው፣ ግን አይቀሬ አይደለም። ሯጭ ጡንቻው እንዳይኮማተርበትም ሰውነቱን ያፍታታል። ድምዳሜ እንዲህ ነው፣ ያው ማስረጃ ሌላም ነገር ሊያስብል ይችላል።

*8።* እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ በጣም የሚያከራክረው ይሄ ነው። «ቢያደርግ ኖሮ… ይገባ ነበር።» ያልሆነ ነገር ነው፣ ማንም ሊያጣራው አይችልም፣ ስለዚህ አስተያየት ነው የምትሉ አላችሁ። ቆይ ግን፣ ክር አለው? አለው። 6 ላይ ጫማ አድርጎ 3 ደቂቃ ያህል ፈጥኗል። ጸሐፊው ሁለቱን ሰዓቶች አስተያይቶ ነው የተናገረው። ድ ነው፣ ግን ደካማ ድ። በሮምና በቶኪዮ መሐል አራት ዓመት አለ፣ መንገዱ ሌላ ነው፣ የአየሩ ሁኔታ ሌላ ነው፣ ልምዱም ጨምሯል። ለውጡን ያመጣው ጫማው ብቻ መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም። እኔ ወረቀቴ ላይ እንዲህ ላለው «ድ?» ብዬ እጽፋለሁ።

ከዚህ ጋር አነጻጽሩት፦ «አበበ ሜክሲኮ ላይ ባያቋርጥ ኖሮ ማሞ አያሸንፍም ነበር።» ቅርጹ ከ8 ጋር አንድ ነው። ክሩ ግን የታል? ምንባቡ ውስጥ የሁለቱን አቅም የሚያወዳድር ነገር የለም። ክር የሌለው ድምዳሜ ምኞት ነው፣ አ ሥር ጣሉት።

አንዳንድ ቃላት ድምዳሜን ይጠቁማሉ፦ «ኖሯል»፣ «ለካ»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «መሆን አለበት»፣ «ስለዚህ»፣ «ማለት ነው»። ጠቋሚ ናቸው እንጂ ዳኛ አይደሉም። በተለይ «አለበት» ሁለት ፊት አላት። «ታሞ መሆን አለበት» ድምዳሜ ነው፣ «መታከም አለበት» አስተያየት ነው። የመጀመሪያው ስለሆነው ይገምታል፣ ሁለተኛው መሆን ስላለበት ይፈርዳል።

ደረጃ 5፦ «አለ» ካለ ሁለት ጊዜ ፈርጁ

የኛ ምንባብ ውስጥ የለም፣ ግን ዜና ላይ በየመስመሩ አለ። «አሠልጣኙ ‹ከዓለም አንደኛ ሯጭ እሱ ነው› አሉ።» ይህ ምንድነው? ከውጭ ስታዩት እውነታ ነው፣ አሠልጣኙ ማለታቸው ይጣራል። ጥቅሱ ውስጥ ያለው ግን አስተያየት ነው። ሁለቱንም ጻፉ፦ እ (አ)። ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ የሚቀበል ከሆነ የተሰመረበትን እዩ። ጥቅሱ ብቻ ከተሰመረ አ፣ «አሉ» ተጨምሮ ከተሰመረ እ።

ሲያቅታችሁ

አንድ ቁራጭ በአ እና በድ መካከል ከዋለለባችሁ፣ ጸሐፊውን ፊት ለፊት እንዳገኛችሁት አድርጋችሁ «ምን አይተህ ነው?» በሉት። «እንዲህ አይቼ» ብሎ የሚያሳያችሁ ነገር ካለው ድ ነው። «በቃ ለእኔ እንደዚያ ነው» ካለ አ።

በእ እና በድ መካከል ከዋለለባችሁ ደግሞ «አየኸው ወይስ ገመትከው?» በሉት።

የድ ዓምዳችሁ ባዶ ከሆነ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፣ ያልተሰበረ ዓረፍተ ነገር አለ ማለት ነው፤ ድምዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነታ ጀርባ ተለጥፎ ነው የሚሄደው። የአ ዓምዳችሁ ሞልቶ የእ ዓምድ ከሳሳ ደግሞ ያልተስማማችሁበትን ሁሉ አስተያየት እያላችሁ ነው።

ልምምድ

ይህን ደግሞ እናንተ። ሰባብሩ፣ ፈርጁ፣ ክሩን ሳቡ። 15 ደቂቃ ይበቃችኋል።

(1) የሠፈራችን ዳቦ ቤት ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ዝግ ነው። (2) ትናንት ማታ ደጁ ላይ ባዶ የዱቄት ጆንያ ተከምሮ ነበር፣ ዱቄት አልቆበት መሆን አለበት። (3) ባለቤቱ በቀን 5,000 ዳቦ ይጋግራል። (4) ዳቦው ግን ከበፊቱ አንሷል፣ ጣዕሙም ጠፍቷል። (5) ጎረቤቴ «ዋጋ ሊጨምር ነው የዘጋው» አለችኝ። (6) ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ነበረበት። (7) ባለፈው ወር ሁለት ቀን ዘግቶ ሲከፍት ሰልፉ ዋናው መንገድ ደርሶ ነበር፣ ነገም እንደዚያው ይሆናል። (8) ሰውየው መቼም ለደንበኛ ግድ የለውም።

መልስ

1፦ እ። ሄዶ ማየት ነው።

2፦ ጆንያው እ፣ «ዱቄት አልቆበት መሆን አለበት» ድ። ክሩ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ባዶ ጆንያ ሊሸጠውም ሊከምረው ይችላል፣ ግን ምክንያታዊ ግምት ነው።

3፦ እ። «5,000 በዛ፣ ውሸት ነው» ብላችሁ አ ካላችሁ ደረጃ 2ን እንደገና አንብቡ። ቁጥሩ ልክ መሆኑን ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል።

4፦ ሁለት ቁራጭ። «አንሷል» እ ነው፣ ሚዛን ላይ ይወጣል። «ጣዕሙ ጠፍቷል» አ። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለተቀመጡና ሁለቱም ቅሬታ ስለሆኑ ብዙ ሰው አንድ ላይ አ ይላቸዋል።

5፦ እ (ድ?)። ማለቷ እውነታ ነው። ያለችው ነገር ስለ ምክንያቱ የሰጠችው ግምት ነው፣ ምን አይታ እንዳለች ግን አልተነገረንም። ክር ስለሌለው አ ያላችሁም አልተሳሳታችሁም፣ «ክር የለውም» ብላችሁ ከጻፋችሁ።

6፦ አ። «ነበረበት» ፍርድ ነው፣ ግምት አይደለም።

7፦ ያለፈው ወር ሰልፍ እ፣ የነገው ድ። ገና ያልሆነ ነገር እውነታ ሊሆን አይችልም፣ ያለፈው ላይ ስለታሰረ ደግሞ ባዶ ምኞት አይደለም።

8፦ ይህን ሆን ብዬ ነው መጨረሻ ያደረግኩት። ድ ያላችሁ «ሳያሳውቅ ዘግቷል፣ ዳቦውንም አሳንሷል፣ ስለዚህ ግድ የለውም» ብላችሁ ክር ስባችሁ ይሆናል። ሳያሳውቅ መዝጋቱን ግን ከ6 ነው ያገኛችሁት፣ 6 ደግሞ አስተያየት ነው። አስተያየት ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣውን ነገር (ማስታወቂያ አልለጠፈም) አውጥታችሁ እንደ እውነታ ለብቻው ከጻፋችሁት ክሩ ይቆማል፣ «ድ?» ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። ካልጻፋችሁት ግን አ ነው፤ አንዱን አስተያየት በሌላ አስተያየት ላይ አስራችኋል። እኔ ሳርም አ እለዋለሁ፣ «መቼም» የምትለዋ ቃል ጸሐፊው ማስረጃ መደርደሩን ትቶ ወደ ምሬቱ መግባቱን ስለምትነግረኝ።